«ገለጹ»፣ «ብለዋል» ወይስ «አማረሩ»? የዜና ማሰሪያ ቃል አመራረጥ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ የአካባቢ ሬዲዮ ዜና እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መንዝ በኩል ወዳለ አንድ ወረዳ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ኃላፊ በአንድ ቀበሌ የተሠራው የውሃ ቦኖ ሥራ ጀምሯል አሉኝ። እኔም ቶሎ ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦

«በቀበሌው የተገነባው የመጠጥ ውሃ ቦኖ አገልግሎት መስጠት መጀመሩን የወረዳው ኃላፊ ገለጹ።»

ዜናው ምሳ ሰዓት ላይ ተነበበ። በማግስቱ ከዚያው ቀበሌ አንዲት እናት ደወሉ። አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ ውሃውን አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም አልኳቸው። «ታዲያ መጀመሩን በምን አወቅህ?» ኃላፊው ነግረውኝ ነው አልኩ። «እሱማ ይበል። ጀመረ ያልከው እኮ አንተ ነህ።»

ቦኖው 3 ቀን ሠርቶ ጄኔሬተሩ ተበላሽቶ ቆሟል። ይህን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው።

መጀመሪያ በሆዴ ተከራከርኩ። የተናጋሪው ማዕረግ አለ፣ «ገለጹ» የሚል ማሰሪያ አለ፣ ሌላ ምን ላድርግ? ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ አነበብኩት። እውነታቸውን ነው። «መጀመሩን ገለጹ» ስል ኃላፊው የሠሩት ሥራ መግለጽ ብቻ ነው። መጀመሩ ግን ያለቀለት ነገር ሆኖ ተቀምጧል። ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ዜና ስጽፍም የሌላ ሰው ስመለከትም ቶሎ የማየው የመጨረሻውን ቃል ነው። አማርኛ ፍርዱን ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው እነዚያን ቃላት ነው። ሁሉንም አይደለም፤ በየቀኑ የሚያሳስቱንን ብቻ።

«ግን» ብለህ ሞክረው

አንድ ማሰሪያ ከተናጋሪው ጋር መወገኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ዓረፍተ ነገሩን ጨርስና «ግን ውሸት ነው» የሚል ሐሳብ ቀጥልበት።

«ቦኖው ሥራ ጀምሯል ብለዋል፤ ግን አልጀመረም።» ይሄ ይሄዳል። እሳቸው አንድ ነገር አሉ፣ እውነታው ሌላ ሆነ። ማንም አይደናገርም።

«ቦኖው ሥራ እንደጀመረ ተናግረዋል፤ ግን አልጀመረም።» ይሄም ይሄዳል። ትንሽ ይከብዳል እንጂ ያስኬዳል።

«ቦኖው ሥራ መጀመሩን ገልጸዋል፤ ግን አልጀመረም።» እዚህ ጆሮ ያዝ ያደርጋል። መጀመሩን ከገለጹ እንዴት አልጀመረም? ጸሐፊው ራሱን በራሱ ያፈረሰ ይመስላል።

ልብ በሉ፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ማሰሪያው ብቻ አይደለም። ከማሰሪያው በፊት ያለው ቃል አሠራርም አለበት። ከፊቱ «መ»፣ ከኋላው «ን» የያዘው ቅርጽ (መጀመሩን፣ መጠገኑን፣ መድረሱን) ነገሩን እንደተፈጸመ አድርጎ ይሸከማል። «እንደ» የያዘው (እንደጀመረ፣ እንደተጠገነ) ላላ ይላል። በጣም የላላውና ንጹሑ የሰውየውን አባባል እንዳለ ትቶ «ብለዋል»፣ «ሲሉ ተናግረዋል» ወይም «ይላሉ» የሚለው ነው። ስለዚህ «ገለጹ»ን በ«ተናገሩ» ቀይሮ «መጀመሩን ተናገሩ» ማለት ግማሽ መፍትሔ ነው። ሁለቱም መቀየር አለባቸው።

አርታኢዎች ብዙ ጊዜ ማሰሪያውን ብቻ ያያሉ። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ።

«አለ»ን ለምን እንሸሻለን?

የእንግሊዝኛ ዜና ጸሐፊዎች ለአብዛኛው ነገር አንዲት ቃል ይበቃቸዋል፤ «ሴድ» ይሏታል። የኛ አቻዋ «አለ» ናት። ነገር ግን የአማርኛ ዜና ውስጥ ብቻዋን ስትቆም ብዙም አታዩአትም። የምንሸሻት በስንፍና አይደለም፣ ምክንያት አለን።

አንደኛው፣ «አሉ» የሐሜትም ምልክት ነው። ሰፈር ውስጥ «ጤፍ ሊወደድ ነው አሉ» ቢባል ተናጋሪ የለውም። ወሬ ነው። አንድ ኃላፊ «ማዳበሪያ ገብቷል አሉ» ብለን ብንጽፍ፣ እሳቸው የተናገሩት መሆኑ ይጠፋና ሰፈር ለሰፈር የሚዞር ወሬ ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ የሚያስቅ ነው። «አለ» መኖርንም ይገልጻል። «ቀበሌው ውስጥ ውሃ አለ አለ» ብላችሁ ሞክሩ። አንባቢው የመጀመሪያውን «አለ» ከሁለተኛው ለመለየት ቆም ይላል።

ታዲያ ከ«አለ» ስንሸሽ ሮጠን የምንገባው «ገለጸ» ውስጥ ነው። ወሬነትን ፈርተን ሄደን ወገንተኝነት ላይ እንወድቃለን። መሀል ላይ ያለው መንገድ «ብለዋል» እና «ተናግረዋል» ነው። «ብለዋል» የሐሜት ሽታ የላትም፤ ተናጋሪዋ ይታወቃል። «ይላሉ» ደግሞ ሰውየው ዛሬም የያዘው አቋም መሆኑን ታሳያለች። እኔ ለሚያከራክር ነገር ሁሉ ከነዚህ ሦስቱ አልወጣም። ደጋግሞ መጠቀም ያስጠላል የሚሉ አሉ። አንባቢ ግን ማሰሪያ ሲደጋገም አይቆጥርም። የሚቆጥረው አርታኢ ነው።

«ገለጸ»፣ «አስታወቀ»፣ «አስረዳ»

እነዚህን ጭራሽ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ቦታ አላቸው። የኔ መለያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ የማን ነው?

ነገሩ የተናጋሪው የራሱ ከሆነ «ገለጸ» ልክ ነው። ደስታቸውን ገለጹ፣ ስጋታቸውን ገለጹ፣ ዕቅዳቸውን ገለጹ። ስጋቱ በውስጣቸው ነው ያለው፤ ከሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። «አስታወቀ»ም እንዲሁ። አንድ ቢሮ «ምዝገባው ሰኞ እንደሚጀመር አስታወቀ» ቢባል ችግር የለውም፤ ምዝገባውን የሚያካሂደው እሱ ነው። ውሳኔውን የወሰነው ራሱ ስለሆነ ማስታወቁ በቂ ምንጭ ነው።

ነገሩ ውጭ ያለና ሄዶ ሊታይ የሚችል ከሆነ ግን ሌላ ነው። ቦኖው ውሃ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም? ማዳበሪያው መጋዘን ገብቷል ወይስ አልገባም? መንገዱ ለመኪና ይሆናል ወይስ አይሆንም? ይሄ የኃላፊው ንብረት አይደለም። እዚያ ላይ «መጠናቀቁን ገለጹ» ስንል የሳቸውን ቃል ወደ እውነትነት እናሳድገዋለን።

«አስረዳ» ከሁሉም ይከብዳል። ያስረዳ ሰው አዋቂ ነው፣ የሰማው ደግሞ ያልገባው ነው። ኃላፊ «ሲያስረዱ» ነዋሪ ተማሪ ይሆናል። በፍርድ ቤት ቋንቋ ደግሞ ትርጉሙ ከዚህም ይብሳል። «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አስረድቷል» ከተባለ በማስረጃ አረጋግጧል ማለት ነው፤ ተከሳሹ መከላከል ይጠበቅበታል። ስለዚህ ክሱ በተነበበበት በመጀመሪያው ቀን «ተከሳሹ ወንጀሉን መፈጸሙን ዐቃቤ ሕግ አስረዳ» ብሎ የሚጽፍ ሪፖርተር፣ ሳያስበው ዳኛ ሆኖ ቁጭ ብሏል። በዚያን ቀን ትክክለኛው «ዐቃቤ ሕግ በክሱ እንዳመለከተው» ወይም በቀላሉ «ክሱ እንደሚለው» ነው።

«አመለከተ» እና «ጠቆመ» ሲባሉ ጣት ትዝ ይበላችሁ። ጣት የሚጠቁመው ያለን ነገር ነው። ክሱ አመለከተ ሲባል ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ነው። «ኃላፊው የሥራ አጥነት መቀነሱን ጠቆሙ» ሲባል ግን መቀነሱ የት አለ? ቁጥሩን ካላየሁት ጣቱን አልከተልም።

«አረጋገጠ» ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ያረጋገጠው ሰው በምን እንዳረጋገጠ መጻፍ ካልቻልኩ ቃሉን አልጠቀምበትም። ቦታው ላይ ነበሩ? መዝገብ አይተው ነው? «ኃላፊውን በስልክ አነጋግረን አረጋግጠናል» የሚለው አሠራር አንድን አባባል ሁለቴ መስማት እንጂ ማረጋገጥ አይደለም።

ነዋሪው ለምን ሁልጊዜ «ያማርራል»?

የቦኖውን ዜና ማረም ነበረብኝ። በሁለተኛው ቀን እንዲህ ጻፍኩ፦

«የቀበሌው ነዋሪዎች በውሃ እጥረት ምክንያት ለችግር መዳረጋቸውን በምሬት ተናገሩ። ኃላፊው በበኩላቸው ችግሩ በአጭር ጊዜ እንደሚፈታ አስረድተዋል።»

ይሄኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል። ሁለቱም ወገን ተናግሯል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን የከፋ ነው።

ያቺ እናት የነገሩኝ ምንድን ነው? ውሃው ለ3 ቀን መምጣቱን፣ ጄኔሬተሩ መቆሙን፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊጠግን አለመምጣቱን። ይሄ ሁሉ ቀን ያለው፣ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ወደ «ምሬት» ቀየርኩት። «ማማረር» ስለ ተናጋሪዋ ስሜት ይናገራል። ስለ ጄኔሬተሩ አንድም ቃል የለውም። አንባቢ የሚይዘው የተናደዱ ሰዎችን ነው። ኃላፊው ደግሞ ምንም ቀን ሳይቆርጡ «በአጭር ጊዜ» ብለው «አስረዱ»። ማስረጃ ያለው ሰው አማራሪ፣ ማስረጃ የሌለው ሰው አስረጂ ሆነ።

ይሄን ማንም አዞኝ አይደለም። የሰማሁት፣ ያደግሁበት የዜና ዜማ ነው። ባለሥልጣን ይገልጻል፣ ያስታውቃል፣ ያስገነዝባል፣ ያሳስባል። ነዋሪ ያማርራል፣ ቅሬታውን ያሰማል፣ ይማጸናል። ዜማው ራሱ ይጽፍላችኋል።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ እንዲህ ሆነ፦

«የወረዳው ኃላፊ ቦኖው አገልግሎት እየሰጠ ነው ብለው ነበር። የቀበሌው ነዋሪዎች ግን ውሃ ያገኙት ለ3 ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ጄኔሬተሩ ቆሟል ይላሉ። ስለ ጄኔሬተሩ የጠየቅናቸው ኃላፊ መበላሸቱን እንደሚያውቁ ተናግረው፣ መቼ እንደሚጠገን ግን ቀን አልሰጡም።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እዩ። ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት ማሰሪያ ተሰፍሯል፤ ብለው ነበር፣ ይላሉ፣ ተናግረው። ሌላው፣ «መበላሸቱን እንደሚያውቁ» ስል «መ» እና «ን» ያለበትን ቅርጽ ሆን ብዬ ተጠቀምኩ። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱም ወገን ተስማምቷል፤ ጄኔሬተሩ ለመቆሙ ጥርጣሬ የለም። ቅርጹ መጥፎ አይደለም። የተረጋገጠ ነገር ሲገኝ ቤቱ ነው።

«ቅሬታ አቀረቡ» የሚለውም ቦታ አለው። ነዋሪዎቹ ተፈራርመው ወረዳ ድረስ አመልክተው ከሆነ፣ ያቀረቡት ቅሬታ ነው። ደብዳቤውም ቀን አለው፤ ቀኑን ጻፉት። መንገድ ላይ ቆሞ ለሬዲዮ መናገር ግን ቅሬታ ማቅረብ አይደለም። መናገር ነው።

«አመነ»፣ «ካደ»፣ «አመካኘ»

ወደ ጣርማ በር እንውጣ። መቼም በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ጉሙን ያውቀዋል። የሆነ አደጋ ደረሰ እንበል፤ ይሄን ምሳሌ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጣ። ፖሊስ ሹፌሩ በፍጥነት ሲነዳ ነበር አለ። ሹፌሩ ፍሬኑ እምቢ አለኝ አለ።

በብዛት የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «የአደጋው መንስኤ ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር መሆኑን ፖሊስ ገለጸ። አሽከርካሪው በበኩሉ ፍሬን አልይዝ ብሎኝ ነው ሲል አመካኘ።»

«አመካኘ» ማለት ሰበብ ፈለገ ማለት ነው። ፍሬኑን ገና ማንም አልመረመረውም። ምርመራው ሳይደረግ ሰውየው ዋሽቷል ብለናል። «አስተባበለ» ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የፖሊሱን ቃል መነሻ አድርጎ ሹፌሩን መልስ ሰጪ ያደርገዋል። «ካደ» ብንል ደግሞ ባሰ። ከሃዲ የሚለው ቃል የወጣው ከዚሁ ግስ ነው። አንድ ሰው የካደው እውነት የነበረን ነገር ነው።

ታዲያ «ካደ» እና «አመነ» ፍርድ ቤት ውስጥ ለምን አይከብዱም? እዚያ የአሠራር ስም ናቸው። ተከሳሽ የሚጠየቀው «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ክዶ ተከራከረ ቢባል፣ አልፈጸምኩም ብሎ ጉዳዩ ወደ ማስረጃ መሰማት አለፈ ማለት እንጂ ዋሸ ማለት አይደለም። ከችሎቱ በር ሲወጣ ግን ቃሉ የሰፈር ትርጉሙን መልሶ ይለብሳል። ስለዚህ የፍርድ ቤት ዜና ውስጥ እንኳ እኔ «ድርጊቱን አልፈጸምኩም የሚል የእምነት ክህደት ቃል ሰጥቷል» ብዬ ዘርዘር አደርጋለሁ። ይረዝማል። ይርዘም።

«አመነ» ከችሎት ውጭ ሲመጣ ደግሞ ተጠንቀቁ። አንድ ነጋዴ «አዎ፣ ዋጋ ጨምሬያለሁ» ቢልና «ዋጋ መጨመሩን አመነ» ብንል ዋጋ መጨመርን ወንጀል አደረግነው። ሰውየው አላመነም፤ ተናገረ።

የጣርማ በሩ ዜና ውስጥ ሌላም ነገር ተደብቋል። ፖሊሱ ኢንስፔክተር ከሆኑ «ተናገሩ» ይባላሉ፤ ሹፌሩ «ተናገረ» ይባላል። አንቱታው ራሱ ይፈርዳል። ሹፌሩ 50 ዓመት ያለፈው የልጆች አባት ሊሆን ይችላል፤ ሰፈሩ ውስጥ አንተ የሚለው የለም። ዜና ውስጥ ሲገባ ግን ተጠርጣሪ ስለሆነ ብቻ «እሱ» ይሆናል። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ሁሉንም አንቱ ማለት፣ ወይም ሁሉንም በአንድ ቁጥር መጻፍ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ላይ ስድብ ነው።

የተስተካከለው፦ «ፖሊስ የአደጋው መንስኤ ፍጥነት ነው ብሏል። አሽከርካሪው ፍሬኑ አልሠራ እንዳላቸው ተናግረዋል። የመኪናው የቴክኒክ ምርመራ ገና አልተካሄደም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከማሰሪያዎቹ ሁሉ ትበልጣለች። ማንም ገና እንደማያውቅ ትናገራለች።

ከእንግሊዝኛ ስንተረጉም

የውጭ ዜና የምንወስደው ከእንግሊዝኛ ነው። እዚያም ማሰሪያዎቹ የራሳቸው ክብደት አላቸው። ወደኛ ሲመጡ ክብደታቸው ይለወጣል።

«ክሌምድ» የሚሉት ቃል ጥርጣሬ አለበት። ጸሐፊው «እሱ ነው ያለው፣ እኔ የለሁበትም» እያለ ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል የለውም። ብዙ ተርጓሚ «ገለጸ» ብሎ ይገላገላል፤ ጥርጣሬው ተገልብጦ እውነት ሆኖ ይወጣል። ከሁሉ የባሰው ታጣቂ ቡድን ስለ አንድ ጥቃት ሲናገር ነው። እንግሊዝኛው የሚለው ቡድኑ «ያደረስኩት እኔ ነኝ አለ» ነው። እኛ «ኃላፊነቱን ወሰደ» እንላለን። ኃላፊነት የወሰደ ሰው ደግሞ ያደረገው ነው። ቡድኑ ግን እየፎከረ ሊሆን ይችላል። «ጥቃቱን ያደረስኩት እኔ ነኝ ብሏል» ማለት ምን ይከብዳል? ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚጨምር።

ጥርጣሬን በአማርኛ ለመግለጽ የሚቀርበው «ባይ» ነው። «አዋቂ ነኝ ባይ» ስንል ስድብ ነው፤ ስለዚህ ዜና ውስጥ አይገባም። የሚገርመው ፍርድ ቤት ውስጥ «ይግባኝ ባይ» ምንም ክፋት የለበትም፤ ይግባኝ ያለ ሰው ማለት ብቻ ነው። አንዱ ቃል አደባባይ ላይ ይሳደባል፣ ችሎት ውስጥ ሥርዓት ይይዛል።

«ስቴትድ» ቀለል ይላል። መደበኛ፣ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ የወጣ ቃል ነው። ለዚህ «በሰጡት መግለጫ … ብለዋል» ይበቃል። መግለጫ መስጠታቸው እውነት ነው፤ ውስጡ ያለውን ግን «ብለዋል» ትይዘዋለች።

«ኢንሲስትድ» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቃሉ ከበስተጀርባው አንድ የተቃወመ ሰው ወይም የሚቃረን ማስረጃ እንዳለ ይጠቁማል። ወደ አማርኛ ሲመጣ ሁለት መንገድ ይሄዳል። «በአቋማቸው ጸኑ» ካልን ሰውየው ጀግና ሆነ። ጽናት ምስጋና ነው። «ሙጭጭ አሉ» ወይም «ድርቅ አሉ» ካልን ደግሞ በቅሎ ሆነ። ሁለቱም የኔ ፍርድ ነው። እኔ የማደርገው የሆነውን መጻፍ ነው፦ «ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቁም ያንኑ መልሰዋል።» ጀግና ይሁን በቅሎ፣ አንባቢው ይምረጥ።

«ተገለጸ» እና ርዕስ

ርዕስ ላይ «ቦኖው አገልግሎት መስጠት መጀመሩ ተገለጸ» ሲባል ማን ገለጸ? የለም። ተናጋሪው ተሰውሯል፤ መጀመሩ ግን ቁጭ ብሏል። «ተጠቆመ»፣ «ተባለ»፣ «ተመለከተ» ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። «ተባለ» ቢያንስ ወሬነቱን አይደብቅም። ቦታ ካነሰ «ቦኖው ሥራ ጀምሯል፦ ወረዳው» ብሎ መጻፍ ይቻላል። አጭር ነው፤ ተናጋሪም አለው።

ስትደርሱበት ያያችሁትን ነገር ደግሞ ምንም ማሰሪያ አትለጥፉበት። ሪፖርተሩ ሄዶ ቦኖው ደርቆ ካየ «ማክሰኞ ስንደርስ ቦኖው ውሃ አልነበረውም» ይበቃል። ያየነውን «ነዋሪዎች ተናገሩ» ብለን ብንጽፍ፣ እውነትን ወደ ወሬ እናወርደዋለን። ይሄኛው ስህተት ብዙ ጊዜ አይወራለትም።

በሬዲዮ ሲሆን

የጋዜጣ አንባቢ የጥቅስ ምልክቱን ያያል። የሬዲዮ አድማጭ አያየውም። በዚያ ላይ አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ «ቦኖው አገልግሎት መስጠት ጀምሯል ሲሉ የወረዳው ኃላፊ ተናገሩ» ሲነበብ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው መጀመሩን ነው። ማን እንዳለው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ለዚህ ተናጋሪውን ወደ ፊት ማምጣት ያስፈልጋል፦ «የወረዳው ኃላፊ እንደሚሉት ከሆነ…»። ያቺ «ከሆነ» ትንሽ ናት፤ ግን ከሷ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የኃላፊው እንደሆነ አድማጩ አስቀድሞ ያውቃል።

ያቺ እናት ሲደውሉ በስልኩ ውስጥ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ቡና ይወቀጥ ነበር። የኔ ዜና በተነበበ ጊዜም እየተወቀጠ ከነበረ፣ በዘነዘናው ምት መሀል የደረሳቸው «ቦኖው» እና «መጀመሩን» ብቻ ነው። «ገለጹ» የሚለው ላይ ሲደረስ ቡናው ወደ ጀበና ገብቷል።